«ተናገርና ትፈታለህ» ሲባል፦ ስለ 48 ሰዓትና ዝም ስለማለት መብት

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ጀልባ ነጂ ነው። አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደቅ ደሴት ላይ ፖሊስ ያዘው። ባሕር ዳር ከተሰረቀ የጀልባ ሞተር ጋር ተያይዞ ነው አሉ። ሌሊቱን እዚያው አደረ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት በጀልባ ተነስተው 5 ሰዓት ባሕር ዳር ገቡ፤ ጣቢያ አስገቡት። ‹ተናገርና ዛሬውኑ ትፈታለህ› ስላሉት ቃል ሰጥቶ ፈርሟል። ሞተሩን መጫኑን፣ የተሰረቀ መሆኑን ግን አለማወቁን ተናግሯል። አልተፈታም። ሰኞ 8 ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርቦ 14 ቀን ተቀጠረበት። 48 ሰዓቱ አላለፈም ወይ? የሰጠውን ቃል ማንሳት ይችላል? ከእንግዲህ ዝም ቢል ይጎዳዋል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ከእንግዲህ ዝም ቢል አይጎዳውም። መጀመሪያውኑ ዝም ቢል ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመው ነበር። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ስለ ሰዓቱ ማውራት አለብኝ። ሰዓቱና ቃሉ ተያይዘው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጣቢያ ከገባበት ወይም መዝገብ ላይ ስሙ ከሰፈረበት ጊዜ አይደለም፤ ከተያዘበት ጊዜ ነው። የወንድምሽ ሰዓት መቁጠር የጀመረው አርብ 10 ሰዓት ደቅ ላይ ነው። ይህን ነገር አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጣቢያ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ጣቢያ የገባበት ሰዓት ነው። የአንቺ ወንድም መዝገብ ላይ «ቅዳሜ 5 ሰዓት» ተብሎ ቢገኝ አልደነግጥም። ስለዚህ ደቅ ላይ ሲያዝ ያዩ ሰዎች ካሉ ሰዓቱን ሳይረሱት አሁኑኑ ስማቸውን ያዢ።

በ48ቱ ሰዓት ውስጥ የማይቆጠር አንድ ነገር አለ፤ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ ተገቢ ግምት የሚሰጠው የጉዞ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር መሀል ለተያዘ ሰው ይህ ትርጉም የለውም። ደቅ ላይ ለተያዘ ሰው ግን ትርጉም አለው። ሐይቅ መሻገር አለ፤ ጀልባ መጠበቅ አለ፤ ማዕበል አለ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከአርብ 10 ሰዓት እስከ ሰኞ 8 ሰዓት ድፍን 70 ሰዓት ነው። የጀልባው ጉዞ 3 ሰዓት ፈጀ። ያ ሲቀነስ 67 ይቀራል፤ ከተፈቀደው 19 ሰዓት በልጧል። ፖሊስ ሊመልስ የሚችለውን ደግሞ እኔ ልመልስልሽ። «ማታ ሐይቁ አይመችም፤ ሌሊቱም የጉዞው አካል ነው» ሊል ይችላል። ይሁን እንበል። ከአርብ 10 ሰዓት እስከ ቅዳሜ 5 ሰዓት ያለው 19 ሰዓት ሁሉ ጉዞ ነው ብለን እንቀበል። 70 ሲቀነስ 19፣ 51 ነው። በዚህ ለፖሊስ እጅግ በሚመች ቁጥርም 3 ሰዓት አልፏል። ባሕር ዳር ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ በምንም ስሌት ጉዞ ሊባል አይችልም። ጣቢያውና ፍርድ ቤቱ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው።

የሚመጣውን ሌላ መልስም አውቀዋለሁ። «ቅዳሜና እሑድ ነበር» የሚል ነው። ይህ መልስ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 29 ላይ 48 ሰዓቱን ካስቀመጠ በኋላ አንድ ቀዳዳ ትቷል። የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው የማይፈቅድ ከሆነ እንደተቻለ ቶሎ ይቅረብ የሚል ሐሳብ አለው። በ1954 ዓ.ም. ይህ የሚገባ ነገር ነበር። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ግን ይህን ቀዳዳ አልደገመውም። የቀነሰው የጉዞ ጊዜን ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ስለሆነ (አንቀጽ 9) ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን አሮጌ ቀዳዳ ዋጋ የለውም። እሑድ የሰዓት ቆጣሪን አያቆምም። ተረኛ ችሎት የሚባለው ነገር ያለውም ለዚሁ ነው። ችሎት አልነበረም ቢባል እንኳ ጉድለቱ የመንግሥት ነው፤ ጉድለቱ በታሳሪው ሰዓት ላይ መደመር የለበትም።

አሁን ቅር የሚያሰኝሽን ልንገርሽ። ሰዓቱ አልፏል ማለት ወንድምሽ ዛሬ ይፈታል ማለት አይደለም። አንቀጽ 19(4) በጊዜው ላልቀረበ ሰው የአካል ነፃነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህ መብት የማይጣስ ነው ይላል። ይህ መብት ጥርስ የሚኖረው ግን እሑድ ማታ ነው። ሰዓቱ አልፎ ሰውየው ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ማለት ነው። ያን ጊዜ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አቀራረቡን ይዟል፤ በመሐላ የተደገፈ ይሆናል። ሰኞ ዳኛ ፊት ከቀረበና ዳኛው የጊዜ ቀጠሮ ከሰጠ በኋላ ግን የታሰረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ያው አንቀጽ ራሱ ፍርድ ቤቱ ለፍትሕ አስፈላጊ ሲሆን በእስር እንዲቆይ ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። በዚህ ደረጃ «48 ሰዓት አልፏል፣ ፍቱኝ» የሚል አቤቱታ በአብዛኛው ጆሮ አያገኝም። ዳኛው መዝገብ ላይ ይጽፈዋል፣ ፖሊስን ይገስጻል፣ ከዚያ ወደ ቀጠሮው ያልፋል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩን አልያዝኩም።

ታዲያ ለምን አስቆጠርኩሽ? ለቃሉ ነው። ቃሉ የተሰጠው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በኋላ ወንድምሽ ሁለት ሌሊት ያለ ዳኛ አደረ። ቃሉን በፈቃዱ አልሰጠም የሚል ክርክር ስታነሱ ይህ ሕገ ወጥ ቆይታ ብቻውን ቃሉን ባያስወድቅም ክርክሩን ይደግፋል። ቃሉ ከተወሰደ በኋላ ዳኛ እንዳያገኘው ለምን ዘገየ የሚል ጥያቄ ያስነሳል። በዚያ ላይ ያለ አግባብ ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ራሱ ተጠያቂ ነው። መርማሪው ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው የሰዓቱ ነገር መዝገብ ላይ እንዲሰፍር የማይወደው።

ወደ ቃሉ እንምጣ።

ጣቢያ ውስጥ ቃል እንዴት መወሰድ እንዳለበት የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 27 ይናገራል። መጀመሪያ ማንነቱና አድራሻው ይጠየቃል። ከዚያ የቀረበበት ነገር ይነገረውና መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል። መልስ ለመስጠት ግን አይገደድም። ያለመመለስ መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 19(2) ላይ ይህንኑ ደግሞታል፤ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ብሎም አክሏል።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። እኔ ያየኋቸው የቃል መቀበያ ወረቀቶች አናት ላይ «መብቴ ተነግሮኝ፣ በፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ነው» የሚል ነገር ቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት ወረቀቱ በፈቃዱ ተናግሯል ብሎ ጨርሷል ማለት ነው። ወንድምሽ ሲፈርም ያችንም መስመር አብሮ ፈርሟታል። ስለዚህ ስትጠይቂው «መብትህን ነግረውህ ነበር?» ብለሽ አትጠይቂው። «አዎ፣ ወረቀቱ ላይ አለ» ሊልሽ ይችላል። «ማን ነው የነገረህ? ከመናገርህ በፊት ነው ከተናገርክ በኋላ? ምን ብሎ ነው ያለህ? ሲጽፍ አንብቦልሃል?» ብለሽ ጠይቂው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን «ተናገርና ትፈታለህ» ወዳለችው ቃል እንግባ። ይህችን ቃል ከደንበኞቼ አፍ ስሰማ ዓመታት አልፈውኛል። አንዳንዴ የሚናገሯት መርማሪዎች ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ለምዷቸው ነው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 31 ግን በግልጽ ይከለክላታል። ፖሊስ በሚጠይቀው ሰው ላይ ማባበያ፣ ማስፈራሪያ፣ የተስፋ ቃል ወይም ሌላ ተገቢ ያልሆነ ዘዴ መጠቀም አይችልም። ማስፈራራት ብቻ ሳይሆን ተስፋ መስጠትም ክልክል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ያልተመታ ሰው የተገደደ አይመስለውም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ተስፋው ባዶ መሆኑ ነው። እስቲ አንቀጽ 28ን እንየው። መርማሪ ፖሊስ ራሱ በዋስ መልቀቅ የሚችለው በሁለት ሁኔታ ነው። አንደኛው ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን ነው፤ በብቸኝነትም በአማራጭም። ሁለተኛው ወንጀል ስለመፈጸሙ ወይም የተያዘው ሰው ስለመፈጸሙ ጥርጥር ሲኖር ነው። ወንድምሽ የተጠረጠረው በስርቆት ነው እንበል። ተራ ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ቀላል እስራት ወይም እንደ ሁኔታው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጽኑ እስራት በአማራጭ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው በር ለፖሊሱ ዝግ ነው። የቀረው ሁለተኛው በር ነው፤ የጥርጥር በር።

እና ወንድምሽ ሲናገር ያደረገው ምንድን ነው? ያችኑ ጥርጥር አጠፋት። «ሞተሩን የጫንኩት እኔ ነኝ» ሲል መርማሪው በራሱ ሥልጣን ሊለቀው ይችልበት የነበረውን ብቸኛ ምክንያት ወሰደበት። ሳይናገር ቢቀር መርማሪው እጅ ላይ የሚኖረው «አንድ ጀልባ ነጂ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ጥርጣሬ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። ለመፈታት ሲናገር መፈቻውን ዘጋው። ይህን ያለ ጠበቃ ቅዳሜ ጠዋት ማን ያስበዋል? ማንም። ለዚህ ነው በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 61 ላይ የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃ ጠርቶ እንዲያነጋግር የተፈቀደለት። ወዲያውኑ የሚለውን ቃል ልብ በይው፤ ከቃል በኋላ አላለም።

«ግን እኮ የተሰረቀ መሆኑን አላወቅኩም ብሏል» ትይኝ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩ ያላለቀው። ሰርቋል አልተባለም፤ ራሱም ሰርቄያለሁ አላለም። የተናገረው ነገር ግን ወደ ሌላ ወንጀል ሊወስደው ይችላል፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ወዳለው የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግ። በዚያ ወንጀል ዋናው ጥያቄ ዕቃው የወንጀል ፍሬ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ፣ ከሁኔታው ሊያውቅ ይገባው ነበር ወይ የሚል ነው። ይህ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ጭንቅላት ውስጥ ያለን ነገር ዐቃቤ ሕግ የሚያስረዳው በዝርዝሮች ነው። ስንት ሰዓት ላይ ጫንክ? ማን ሰጠህ? ስንት ከፈለህ? በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር? ለምን አልጠየቅክም?

ብዙ ሰው «እውነቱን ከተናገርኩ ምን አለብኝ» ይላል። እውነቱን የሚናገር ሰው ደግሞ ዝርዝሩን ይናገራል። «ሌሊት 9 ሰዓት ነበር፤ ገርሞኛል ግን ሥራ ነው ብዬ ጫንኩ» ይላል። «ገርሞኛል» የምትለዋ አንዲት ቃል ከመላው ቃሉ ትከብዳለች። መርማሪው ሲጽፋት «ሁኔታው አጠራጥሮኝ ነበር» ልትሆን ትችላለች። ተናጋሪው ሊያስተባብል ያሰበው ነገር ላይ ራሱ ማስረጃ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ የወንድምሽን ቃል ቅጂ ስታገኙ መጀመሪያ መፈለግ ያለባችሁ «አላወቅኩም» የሚለውን አይደለም። ስለ ሰዓት፣ ስለ ክፍያና ስለ ጥርጣሬ ምን እንደተጻፈ ፈልጉ።

ቃሉን ማንሳት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ እንደ ማመልከቻ መልሶ መውሰድ የሚባል ነገር የለም። የሚቻለው ተቀባይነቱንና ክብደቱን መቃወም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ይህ ጠንካራ ነው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ የተጠቀመበት ቃል «ማስገደድ» የሚል ነው። አንቀጽ 31 ተስፋ መስጠትን ይከለክላል፤ በተስፋ የተገኘ ቃል ምን ይሁን የሚለውን ግን አልጻፈም። እዚህ ላይ ክፍተት አለ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። በተስፋ ብቻ የተገኘ ቃልን ለማስወጣት የሚደረግ ክርክር ተመትቶ ከተገኘ ቃል ይልቅ ይከብዳል። እኔ ብሆን ብቻዋን አላቀርባትም። ከጠበቃ አለመኖር፣ ከመብት አለመነገርና ካለፈው 48 ሰዓት ጋር ሸምኜ አቀርባታለሁ።

የምትቀርብበት ጊዜ ደግሞ ወሳኝ ነው። ክስ ሲመሠረት ብለው የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ ዳኛው «እስከዛሬ የት ነበርክ?» ይላል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ወንድምሽ ራሱ ይናገር፤ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ምን ብሎ እንዳለው። «መዝገብ ላይ ይጻፍልኝ» ይበል። ሰውነቱ ላይ ምልክት ካለ ያሳይ፤ ሐኪም እንዲያየው ትእዛዝ ይጠይቅ። ቁስል እስከ ክስ ድረስ አይቆይም።

ከዚህ ጋር የሚገናኝ አንድ አደገኛ ቦታ አለ። ፖሊስ ወንድምሽን ከቀጠሮው ቀን በፊት እንደገና ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት ቃሉን ዳኛ ፊት ለማስመዝገብ ነው። ዳኛ የመዘገበው ቃል ጣቢያ ከተሰጠው በብዙ ይከብዳል። በኋላ መከራከርም ከባድ ነው። ሕጉ ዳኛው ሰውየውን ጠይቆ በፈቃዱ መሆኑን ካላረጋገጠ እንዳይመዘግብ ያዛል። ጥያቄው ግን ሲመጣ አጭር ነው። «ተገድደህ ነው?» «አይ» ይባላል፤ ምክንያቱም መርማሪው ከኋላ ቆሟል፤ ሰውየውም ማታ የሚመለሰው ወደዚያው ጣቢያ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። ቃሉ ውስጥ ያለውን ስም እንኳ በትክክል አያውቀውም፤ ዳኛው ፊት «በፈቃዴ ነው» ብሎ ወጣ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ከዚያ ወዲያ ማን ሊጠይቀኝ ነው፣ አልቋል ብዬ» አለኝ። ያ «በፈቃዴ ነው» ለዓመት ያህል ተከተለን።

ስለዚህ ወንድምሽ ማወቅ ያለበት ዳኛ ፊት ቢቀርብም መናገር ግዴታው አለመሆኑን ነው። «ቃል መስጠት አልፈልግም» ማለት ይችላል። «ጣቢያ የሰጠሁት ትፈታለህ ተብዬ ነው» ማለትም ይችላል። ይህን ከመናገሩ በፊት ወደየት እንደሚመለስ እንዲያስብ አያስፈልገውም ብዬ መዋሸት አልችልም። መናገሩ መዝገብ ላይ መኖሩ ግን ከለላ ነው። አቤቱታ ያቀረበን ሰው መንካት ካላቀረበው ይልቅ ያስፈራል።

ዝም ማለት ይጎዳዋል ወይ? በሕግ ደረጃ መልሱ አጭር ነው። ዝም ያለን ሰው ጥፋተኛ ነው ብሎ ለመገመት የሚያስችል ድንጋጌ የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) መሠረት የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ ይገመታል፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክርም አይገደድም። ችሎት ላይ የምትሰሚው ግን «ተጠርጣሪው ተባባሪ አልሆነም» የሚል ነው። ይህ ዋስትና ለመከልከል ምክንያት አይደለም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ጠቅሷል። የዋስትናውን ግዴታ አክብሮ የማይገኝ መሆኑ፣ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም መቻሉ፣ ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ መቻሉ ናቸው። ዝም ማለት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። «ተባባሪ አልሆነም» ሲባል «ከአንቀጽ 67 የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዝምታ ግን ገደብ አለው። ስምና አድራሻ ይነግራል፤ እዚያ ላይ ዝም ማለት ወይም ሌላ ስም መስጠት ሌላ ጣጣ ያመጣል። አካሉ ላይ የሚደረግ ምርመራም ከመናገር ጋር አይገናኝም። ብርበራም እንዲሁ። ሌላው ደግሞ ንጹሕ የሚያደርገው ነገር ካለ ዝም ብሎ መቅበር የለበትም። ሞተሩን ያስጫነው ሰው የደወለበት ስልክ፣ የከፈለበት መንገድ፣ ማረፊያው ላይ ያየ ሰው ካለ ይህ በጠበቃ በኩል በጽሑፍ ይቅረብ። አፍ ዝም ሲል ወረቀት መናገር ይችላል። በወረቀት የሚቀርበው ታስቦበት የተመረጠ ነው፤ ለጥያቄ ሲመልሱ የሚወጣው ግን የጠያቂው ምርጫ ነው።

ሌላው ገደብ በኋላ የሚመጣ ነው። ክስ ተመሥርቶ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ፍርድ ቤቱ በቂ ማስረጃ ካላገኘ በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 141 በነፃ ያሰናብታል። ካገኘ ግን «ተከላከል» ይላል። ያኔ ዝም ማለት መብቱ ቢሆንም ዋጋው ተቀይሯል። የቀረበበት ማስረጃ ሳይነካ ይቀራል ማለት ነው። ጣቢያ ውስጥ ያለው ዝምታና መከላከያ ላይ ያለው ዝምታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሁን ያለው መጀመሪያው ላይ ነው።

የሚቀረው መጪው ቀጠሮ ነው። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት 14 ቀን በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ጣራ ነው። ብዙ ሰው 14 ቀን የተወሰነ ልክ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሦስት ቀንም ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ቁጥር አላስቀመጠም። ችግሩ እሱ ነው። ጣራው በየቀጠሮው እንጂ በድምሩ የለም። ድምሩን የሚገድበው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የሚፈቅደው ለምርመራው በጥብቅ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው ስለሚል። ይህን ቁጥር የሌለው ገደብ ቁጥር የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ በጥያቄ።

ለምሳሌ መርማሪው «ግብረ አበር አልተያዘም፣ የምስክር ቃል ይቀራል፣ የሞተሩ ዋጋ ግምት አልመጣም» ብሎ ሌላ 14 ቀን ጠየቀ እንበል። በጅምላ አትመልሱ፤ አንድ በአንድ ያዙት። የዋጋ ግምት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሞተሩ እጃቸው ላይ ነው፤ ወንድምሽ መታሰሩ ለግምቱ ምን ይጨምራል? ምስክሮቹ ስንት ናቸው? ባለፉት 14 ቀናት ስንቱ ተሰሙ? የቀሩት የት ናቸው? ደቅ ከሆኑ ማን፣ መቼ ሄዶ ነበር? ግብረ አበሩ ደግሞ ነገም ላይያዝ ይችላል፤ የሌላ ሰው መሰወር የወንድምሽን እስር ማራዘሚያ ሊሆን አይገባም። ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አይቶ ባለፈው ቀጠሮ ከተጠየቀው ምን እንደተሠራ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ። ሁለት ቀጠሮ ላይ አንድ ዓይነት ምክንያት ሲደገም ዳኛውም ይሰለቸዋል።

እዚያው ላይ ዋስትና ጠይቁ። በጽሑፍ ይሁን። ፍርድ ቤቱ በ48 ሰዓት ውስጥ መወሰን አለበት (አንቀጽ 66)። ከከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ለሚሰማው ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል (አንቀጽ 75)። ከዚያ በፊት ግን ማመልከቻው ላይ የተጠረጠረበት አንቀጽ ስንት እንደሆነ አረጋግጪ። 665 እና 669 በአንድ ቃል «ስርቆት» ይባላሉ። ሁለተኛው ከባድ ስርቆት ነው፤ ቅጣቱ ከመጀመሪያው እጅግ ይለያል፤ የዋስትናውንም ክርክር ያከብደዋል። ሌሊት ነበር፣ ብዙ ሰው ነበር የሚሉ ዝርዝሮች ከቃሉ ተለቅመው እዚያ ሊገቡ ይችላሉ።

አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ይህ ሁሉ የመደበኛ ሕግ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሥራ ላይ ሲሆን የ48 ሰዓቱ ድንጋጌ ሊታገድ ይችላል፤ በ2015 መጨረሻ በታወጀው አዋጅ ክልላችን ውስጥ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲያዝ አይተናል። በዚያ ጊዜም ቢሆን ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 አይታገድም። የወንድምሽ ጉዳይ የሞተር ስርቆት ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው ነገር አላየሁም።

ዛሬ ልትጠይቂው ስትሄጂ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ቤተሰብ እንዲጎበኘው ይፈቅዳል። ምግቡን አቀብዪውና ሁለት ነገር ብቻ ንገሪው። እንደገና ለጥያቄ ከጠሩት «ጠበቃዬ ሳይኖር አልናገርም» ይበል፤ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ። ያልተነበበለትን ወረቀት ደግሞ አይፈርም፤ አንብቦ የማይስማማበት ካለ ከፊርማው በላይ አለመስማማቱን በእጁ ይጻፍ። ከዚያ ወጥተሽ ደቅ ላይ ሲያዝ ያዩትን ሰዎች ደውዪላቸው፤ አርብ 10 ሰዓት መሆኑን አሁንም ያስታውሱ እንደሆነ።